አራት ተናጋሪ፣ አምስት ደቂቃ

ስለ ደሴ ከተማ በክፍል ስናቀርብ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ፎቶግራፍ ስንት እናሳይ? (ከደሴ)

አንድ። እሱም ስለ አዳራሹ በሚነገርበት ሰዓት ብቻ ይታይ።

አራት ተማሪዎች ነን። ስለ ደሴ ከተማ አመሠራረት 14 ገጽ ጽሑፍ በጋራ አዘጋጅተናል። ለማቅረብ የተሰጠን 5 ደቂቃ ነው። አንድ አንድ ምዕራፍ ተካፍለን ስንለማመድ 11 ደቂቃ ፈጀብን፤ አራተኛዋ ልጅ ተራ ሳይደርሳት ቀረች። ምን እናድርግ? (ከደሴ)

ምዕራፍ መካፈሉን ተዉት። መግቢያ የደረሰው ሰው የሚያወራው ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ደሴ አይደለም፤ የመጨረሻው ምዕራፍ የደረሳት ደግሞ ፍሬ ነገሩን ሁሉ ብቻዋን ትሸከማለች። ደቂቃው እኩል ቢሆን እንኳ ድርሻው እኩል አይሆንም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው። ለሰላምታና ለርዕስ 10፣ ለሦስቱ ቅብብሎሽ አምስት አምስት፣ ለመጠባበቂያ 15 ስታነሡለት 260 ሰከንድ ይቀራል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 65 ሰከንድ ይደርሳል። እኔ ረጋ ብዬ ሳነብ በደቂቃ 90 ቃል ያህል ይወጣኛል፤ እናንተም በስልካችሁ ለክታችሁ የራሳችሁን ልክ እወቁ። በእኔ ልክ 65 ሰከንድ ማለት 95 ቃል አካባቢ ነው። አራታችሁ አንድ ላይ 400 ቃል አትሞሉም ማለት ነው፤ ከ14 ገጽ አንድ ገጽ ከምናምን። ይህ በማሳጠር አይገኝም፤ በመምረጥ ነው።

ስለዚህ ከጽሑፋችሁ ልትከራከሩለት የምትችሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ። ከላካችሁልኝ እንደተረዳሁት የእናንተው «ደሴን ከተማ ያደረጋት የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ መሆኗ ነው» የሚል ነው። ጥሩ ነው፤ አራታችሁም ይህንኑ አንድ ሐሳብ ተሸከሙ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ክስተትና ክስተቱ የሚያሳየው አንድ ነገር ይድረሳችሁ። አንደኛው በ1870 በቦሩ ሜዳ የተደረገውን ጉባኤ፣ ሁለተኛዋ አጼ ዮሐንስ ለስፍራው ስም ማውጣታቸው የሚነገረውን፣ ሦስተኛው የ1906ቱን ዘውድና አዳራሹን፣ አራተኛዋ የ1909ኙን የሰገሌ ጦርነት ትያዝ።

አራተኛው ክፍል ማጠቃለያ እንዳይመስላችሁ። ንጉሡ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ከተያዙ በኋላ ከተማዋ ለምን አልተበተነችም? ይህ ሐሳባችሁን የሚፈትን ጥያቄ ነው፤ መልሱም መቀመጫነቱ ከተማዋን ጀመራት፣ ገበያውና ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ደግሞ አቆያት የሚል ይመስለኛል። ተራ ያጣችው ልጅ ይህን ብትይዝ ከሁሉም የከበደውን ያዘች።

አሁን ከወረቀት ወደ አፍ የሚሻገረውን ቋንቋ እንይ። ጽሑፋችሁ እንዲህ ይላል፦ «በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው በደሴ ዘውድ ከመጫናቸው ጋር ተያይዞ የከተማዋ አስተዳደራዊ ፋይዳ ከፍ ሊል ችሏል።» ይህን ቆሞ የሚሰማ ሰው ግሱ እስኪመጣ መነሻው ይጠፋበታል። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦

«በ1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ ዘውድ ጫኑ። የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ። አቤቱታ ያለው፣ ግብር የሚያገባ፣ ሹመት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ደሴ መጣ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ግን ንጉሡ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከተማቸውስ?»

አራተኛዋ ተቀብላ «ከተማቸው አልተበተነችም» ትበል። ቅብብሎሹ ይኸው ነው። «አሁን ደግሞ መድረኩን ለእህታችን እለቃለሁ» እያላችሁ ሰከንድ አትጨርሱ።

አንድ ወጥመድ ልጠቁማችሁ። «1906 ዓ.ም.» በወረቀት ላይ ሁለት ቃል ይመስላል። በአፍ ግን «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት ዓመተ ምሕረት» ነው፤ ሰባት ቃል፣ አምስት ሰከንድ ገደማ። ልምምዳችሁ ከቆጠራችሁት በላይ የረዘመው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በምታነቡት ወረቀት ላይ ዓመቱን በፊደል ጻፉት፤ ለአንድ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ አትስጡ። የማንም ክፍል 75 ሰከንድ ከወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይውጣለት እንጂ ሰውዬው አይፍጠን።

ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጥያቄው ጊዜ ነው። ቦሩ ሜዳ የእምነት ጉዳይ ነው። በኋላ ንጉሥ የሆኑት የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉበት ወቅት በመሆኑ ጠንካራው ጥያቄ ወደዚያ ክፍል ይሄዳል። ክፍላችሁ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ ምናልባት ከአራታችሁም መካከል። ይህን ክፍል በዕጣ አትስጡ። መያዝ የሚፈልግ ካለ ጠይቁ፤ ዓረፍተ ነገሩንም አራታችሁ ተስማምታችሁ፣ ማወደሻም ማውገዣም ሳትጨምሩ ጻፉት። እያንዳንዳችሁም ከራሳችሁ ክፍል ሌላ የአንድ ጓደኛችሁን ክፍል አጥኑ፤ ጥያቄ ሲመጣ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይቆም።

አንዱ የቡድናችን አባል ጽሑፉ ላይ አንድ መስመር አልጻፈም። እኩል ሰዓት ይሰጠው? (ከደሴ)

ይሰጠው። ማን ምን እንደጻፈ ለመምህራችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ያ ሌላ ሒሳብ ነው። መድረክ ላይ ብትቀንሱበት ግን ቀሪውን ሰዓት ሦስታችሁ ትሸከሙታላችሁ፤ ተቀጪዎቹ እናንተ ናችሁ።

ጓደኛችን ይንተባተባል። እንዳያፍር ብለን የምስጋናውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጠነው። ልክ ነን? (ከኮምቦልቻ)

ጠይቃችሁታል? ደብዳቤው ውስጥ እሱ ምን እንዳለ የለም። ሳትጠይቁት ከወሰናችሁ እንዳያፍር ብላችሁ አሳፍራችሁታል።

እኩል 65 ሰከንድ ይያዝ፤ ቃሉን ግን ከ95 ወደ 70 ዝቅ አድርጉለት። የሚያስቸግሩትን ቃላት የሚያውቀው እሱ ነውና ክፍሉን ራሱ ይጻፈው። ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚያስቸግራቸው የገዛ ስማቸውን መናገር ነው፤ ስለዚህ የአራታችሁም ስም በስክሪኑ ላይ ይጻፍና ማንም ስሙን አይናገር። ቃል ሲይዘው አትጨርሱለት፤ ዓይናችሁን ከእሱ ሳትነቅሉ ጠብቁ። እሱ ከፈቀደ መምህሩ ቀድመው ይወቁ፤ ግማሽ ደቂቃ ቢጨምሩለት ፍትሕ ነው። ችግሩ ከክፍልም ውጭ የሚያስጨንቀው ከሆነ ደግሞ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይይ፤ ይህን አደራ እላለሁ፣ የጓደኛ ምክር እዚያ ድረስ አይሄድም።

ደሴ ስሟን ያገኘችበትን ዓመት አንዱ 1875 ሌላው 1882 ይላል። የቱን እንበል? (ከደሴ)

ሁለቱ ላይጣሉ ይችላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ የቀረው ጊዜ ስምንት። አንዱ መጽሐፍ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ቆጥሮ ይሆናል። የታሪክ መምህራችሁን ሳታሳዩ ዓመት አትጥሩ። እስኪረጋገጥ ድረስ «በአጼ ዮሐንስ ዘመን» በሉ፤ ሰባት ቃል የነበረው ሦስት ይሆንላችኋል።