የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ላይ ማን ይግባ? ሪፈረንስ ላይስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም እህት ወንድሞች። ሜሪላንድ ከገባሁ 4 ወሬ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ ላመለክት ፎርም ስሞላ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ 2 ሰው፣ ሪፈረንስ ደግሞ 3 ሰው ይላል። እዚህ የማውቀው ያስጠጋችኝን የአጎቴን ልጅና ደባሌን ብቻ ነው። እናቴን ላስገባ? አዲስ አበባ የነበረው አለቃዬስ ይሆናል?»

ሰላም እህቴ። እኔ በምሠራበት ቢሮ እንዲህ ዓይነት ፎርሞች በየሳምንቱ በእጄ ያልፋሉ። የሀበሻ ልጆች ፎርም ላይ ቶሎ ዓይኔ የሚገባው ነገር ያው የዘመድ ስም ሁለቱም ቦታ ላይ መጻፉ ነው። ሁለቱ ቦታዎች የሚፈልጉት ሰው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ሥራ ላይ እያለሽ ብትወድቂ ስልክ አንስቶ የሚመጣልሽን ሰው ይፈልጋል። ሌላው ሥራሽን ወይም ጠባይሽን የሚያውቅ፣ ዘመድሽ ያልሆነ ሰው ይፈልጋል።

ከአደጋ ጊዜ ተጠሪው ልጀምር። እናትሽን አታስገቢ። እናትነቷን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተደውሎ አዲስ አበባ ምሽት ላይ ቢያገኟትስ ምን ታደርጋለች? መደንገጥ ብቻ ነው። የአጎትሽን ልጅ አንደኛ፣ ደባልሽን ሁለተኛ አድርጊ። ከዚያ የእናትሽን ስልክ ለአጎትሽ ልጅ ስጫት። ለቤተሰብ መርዶም ይሁን ደህና ወሬ፣ በአማርኛ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ቢያደርሰው ይሻላል።

ስለ ሁለቱ የሚያስፈልግሽ ሙሉ ስም፣ ዝምድና፣ የእጅ ስልክ፣ የሥራ ቦታ ስልክና አድራሻ ነው። ስሙን መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ጻፊው። ቤት ውስጥ «ሚሚ» የምትባል ሴት ሆስፒታል በር ላይ ሚሚ አይደለችም። ዝምድናው ላይ ለአጎትሽ ልጅ Cousin፣ ለደባልሽ Roommate በይ። የልደት ቀናቸውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን ማንም አይፈልገውም። ይህን የሚጠይቅ ፎርም ከመጣብሽ ሞልተሽ ከመስጠትሽ በፊት ማን እንደሆነ አጣሪ።

አሁን ስልኩ። እዚህ አገር ብዙ ሰው የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። አንዳንዱም አይፎኑን የማይታወቅ ቁጥር ሳይጮኽ በቀጥታ ወደ ድምፅ መልእክት እንዲሄድ አድርጎታል። ስለዚህ የአጎትሽ ልጅ የሥራ ቦታሽን ዋና ቁጥር በስምሽ ከሥራ ቦታው ጋር ስልኳ ላይ ትመዝግበው። የድምፅ መልእክት ሳጥኗም እንዳልሞላ ትይ። ሥራዋ ላይ ስልክ የሚከለከል ከሆነ (መጋዘን ለሚሠሩት የተለመደ ነው) የእጅ ስልኳ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሥራ ቦታዋን ስልክ ጨምሪ። ሁለታችሁም አንድ ቦታ በአንድ ሺፍት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ደባልሽ አንደኛ ትሁን።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሰው የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስለሆነ ብቻ ስለ ሕክምናሽ መወሰን አይችልም። ይደወልለታል፣ ይመጣል፣ ያ ነው። ራስሽ መናገር ባትችዪ ማን ይወስንልኝ የሚለው በሌላ ወረቀት የሚፈረም ጉዳይ ነው፤ ሐኪምሽን ስታገኚ ጠይቂው። ይልቅ አለርጂ ወይም በየቀኑ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ተጠሪዎችሽ ስሙን ይወቁት። ፎርሙ ላይ መጻፍ ግን የለብሽም።

ሪፈረንሱ ላይ ነው ጉዱ ያለው። መጀመሪያ ፎርሙ የሥራ ነው ወይስ የግል የሚለውን እዪ። የሥራ ከሆነ አለቃ ወይም የሥራ ባልደረባ ነው የሚፈለገው። የግል ከሆነ ጠባይሽን የሚያውቅ ሰው ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘመድ ያልሆነና ቢያንስ አንድ ዓመት ያወቀሽ ይላሉ። አራት ወር ለሆነሽ ሰው ይቺ አንድ ዓመት ናት አስቸጋሪዋ። የአጎትሽ ልጅ በዝምድናዋ ወደቀች፤ ደባልሽም እዚህ ያገኘሻት ከሆነች በጊዜው ወደቀች።

እኔ የምመክርሽ አገር ቤት የምታውቂውን፣ አሁን እዚህ የሚኖር ሰው መፈለግ ነው። አብራችሁ የተማራችሁ፣ ጎረቤት የነበረ፣ አብሮሽ ሠርቶ ቀድሞሽ የመጣ። ቴክሳስም ቢሆን ግድ የለም። ስምንት ዓመት አውቃታለሁ ይላል፣ ስልኩ የአሜሪካ ነው፣ ደዋዩን በእንግሊዝኛ ያናግረዋል። ከሩቅ አለቃም ከቅርብ ትውውቅም እሱን አስቀድማለሁ። ሌላው የእንግሊዝኛ ትምህርት የምትወስጂ ከሆነ መምህርሽ ነው። ዓመት ባይሞላም በሰዓቱ መምጣትሽን ያየ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን አባትም ለግል ሪፈረንስ ይሆናሉ፤ ለሥራ ሪፈረንስ ግን አይሆኑም።

ሦስተኛው አለቃሽ ይሁን። አዎ፣ ይሆናል። ግን በደንብ ካላዘጋጀሽው ሳያገኙት ይቀራሉ። ስልኩን በ 09 ጀምረሽ አትጻፊው። ዜሮው ይወጣና +251 9 ብለሽ ቀጥዪ። ኢሜይሉን ከስልኩ አስበልጪ፤ ብዙ ቢሮ ወደ ውጭ አገር አይደውልም፣ መጠይቅ ነው የሚልከው። የሥራ ኢሜይል ካለው የግሉን ትተሽ እሱን ስጪ፤ የድርጅቱ ስም ያለበት አድራሻ የበለጠ ይታመናል። ከስሙ ሥር የሥራ ድርሻው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ Former Supervisor የሚለው ግንኙነት፣ ከመቼ እስከ መቼ አብራችሁ እንደሠራችሁ ይግባ። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊ፤ ማመልከቻሽ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጥያቄ ያስነሳል።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ከሜሪላንድ በበጋ 7፣ በክረምት 8 ሰዓት ትቀድማለች። (የዚህን አገር በጋና ክረምት ማለቴ ነው።) እዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ቢደወል፣ እዚያ በበጋ ከቀኑ 9 እስከ 11፣ በክረምት ከ10 እስከ 12 ይሆናል። ማስታወሻ ቦታ ካለ Best time: 8–10 a.m. Eastern ብለሽ ጻፊ። ፈረንጁ ጋ በእኛ ሰዓት እንዳትጽፊ፣ አደራ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የስም ነገር ነው። ስምሽ ሳራ ነው እንበል፤ አለቃሽ ሳራ ብሎ ነው የሚያውቅሽ። እዚህ ወረቀትሽ ላይ የአያትሽ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከገባ፣ ደዋዩ «ሚስ ወልዴን ታውቃቸዋለህ?» ይላል። አለቃሽም የማንን አያት ስም ያስታውሳል? «አላውቃትም» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ በእኛ ቢሮ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጅቷ ግን እዚያ ድርጅት አምስት ዓመት ሠርታ ነበር።

ስለዚህ ፎርሙን ከማስገባትሽ በፊት ለሦስቱም ጻፊላቸው። ለአለቃሽ በቴሌግራም እንዲህ ብትይው ይበቃል፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለሥራ አመልክቼ እርስዎን ሪፈረንስ ላደርግዎ ፈቃድዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሥራው አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ስሜ እዚህ ወረቀት ላይ ሳራ ወልዴ ተብሎ ነው የገባው። በኢሜይል መጠይቅ ወይም በ +1 የሚጀምር ስልክ ሊመጣብዎ ይችላል። ከእርስዎ ጋር ከ2017 እስከ 2022 በፈረንጅ መሥራቴን ጽፌያለሁ፤ ካልተስማማ ንገሩኝ።» እሺ ካሉሽ አስገቢ። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ካሉ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ለአንቺ መልስ ለመስጠት የዘገየ ለማያውቀው ቢሮ አይፈጥንም።