ሰማንያው ላይ የምትፈርሟት አንድ መስመር፦ ስለ ጋብቻ ውል የጠየቃችሁኝ

"መብራት ኃይል ጋር አባቴ ያወረሰኝ ቤት አለኝ፣ ሁለት ሰርቪስ አከራያለሁ፣ አንድ ባጃጅም አለችኝ። ለጥር ሰርጋችን ነው። ሁሉም በስሜ ስለሆነ ውል ምን ያደርግልኛል?"

እህቴ፣ ቤቱስ ብዙም አያሳስብሽ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረትና በውርስ የመጣ ንብረት ውል ኖረም አልኖረም የግል ነው። ጣጣው ያለው ኪራዩ ላይ ነው። ከተጋባችሁ በኋላ የግል ንብረት የሚያስገባው ገቢ የጋራ ነው የሚሆነው (አንቀጽ 62፣ የምጠቅሰው ቁጥር የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው፤ እኛ አዳማ ፍርድ ቤት ስንገባ የሚነሳው የኦሮሚያው 69/1995 ስለሆነ ቁጥሩን እዛ ላይ ፈልጉት)። እንበልና ከሁለቱ ሰርቪስ በወር 6,000 ብር ትቀበያለሽ፣ አምስት ዓመት ባንክ ብታጠራቅሚው 360,000 ብር ይሆናል፣ ደብተሩ በስምሽ ነው ብለሽ ተዝናንተሽ ትቀመጫለሽ፣ ፍቺ ሲመጣ ግን ግማሹን ይካፈልሻል። በስም መመዝገብ ብቻውን አያድንም፣ ሕጉ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ማንኛውንም ንብረት የጋራ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የግሌ ነው ያለ ሰው ነው ማስረዳት ያለበት።

ባጃጇ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላት። ሁለት ዓመት ቆይተሽ ሸጠሻት በብሩ ላይ ትንሽ ጨምረሽ ሚኒባስ ገዛሽ እንበል። ሚኒባሱ በራሱ የግልሽ አይሆንም፣ በግል ንብረቴ ነው የገዛሁት ብለሽ ፍርድ ቤት ጠይቀሽ የግል ነው ተብሎ ካልተወሰነልሽ የጋራ ሆኖ ይቀራል (አንቀጽ 58)። ይሄን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው፣ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሸጡ በኋላ ነው የሚሰሙት።

እና ውል የሚጠቅምሽ እዚህ ጋ ነው። አንቀጽ 42 ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ የንብረታችሁን ነገር በውል እንድትወስኑ ይፈቅዳል። ስትጽፉት "የግል ንብረቴ የግሌ ነው" ብላችሁ አትለፉ፣ እሱማ ሕጉም ብሎታል። ይልቅ እንዲህ ዓይነት ነገር ይግባ፦ "የካርታ ቁጥሩ ይህ የሆነው ቤትና ከጋብቻ በኋላ ከእሱ የሚገኘው ኪራይ፣ እንዲሁም የሰሌዳ ቁጥሯ ይህ የሆነችው ባጃጅና እሷ ተሸጣ በገንዘቡ የሚገዛው ንብረት የሚስት የግል ሀብት ሆኖ ይቀጥላል።" ባንክ ያለሽ ብርም ካለ የዛን ቀን ስቴትመንት አውጥተሽ ከውሉ ጋር አያይዢው። ኪራዩን ለብቻው በተከፈተ አካውንት ተቀበዪ፣ ከደሞዝና ከቤት ወጪ ጋር ከተደባለቀ የትኛው ብር ከየት እንደመጣ መለየት መከራ ነው፣ ውሉ ቢኖርም።

ፎርሙን እንዳትረሱ፦ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ አራት ምስክር፣ ሁለት ከሱ ወገን ሁለት ካንቺ ወገን። ሦስት ምስክር ብቻ የፈረመበትን ውል ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፣ አራተኛው አጎት መኪና ተበላሽቶበት ቀርቶ ማለት ነው፣ ለሌላው ወገን ጠበቃ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ውልና ማስረጃ ወስዶ ማስመዝገቡንም እኔ እመክራለሁ፣ ፊርማው የኔ አይደለም የሚል ክርክር ያኔ ብዙ ቦታ አያገኝም።

"እጮኛዬ ውሉ ላይ 'ፍቺ የጠየቀ ወገን ባዶ እጁን ይወጣል፣ ልጅ ቢወለድ ከአባቱ ጋር ይቀራል፣ ሚስት ከወለደች በኋላ ሥራ አትሠራም' ተብሎ ይጻፍ አለኝ። ፈርሜ ብገኝ ያስገድደኛል?"

ሦስቱን ለየብቻ እንያቸው። የልጁ ነገር በፍጹም አያስገድድሽም፣ ልጅ ከማን ጋር ይኑር የሚለው የልጁ ጥቅም ታይቶ ፍቺው ሲመጣ በፍርድ ቤት ነው የሚወሰነው፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ላይ ሁለት ሰው አራት ምስክር አስፈርሞ ሊወስንበት አይችልም። የቀለቡም ነገር እንደዛው፣ "ቀለብ አልጠይቅም" የሚል ካስገባም ያው ነው፣ ቀለቡ የልጁ እንጂ ያንቺ መብት አይደለም።

ሥራ አትሠሪም የሚለውን ማንም አያስፈጽመውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው ዘመንም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል፣ ውል ደግሞ ከሕጉ አስገዳጅ ድንጋጌ በታች ነው።

"ባዶ እጁን" የሚለው ግን ጠንከር ያለ ክርክር ያመጣል፣ ብዙ ሰው የሚፈራውም እሱን ነው። የንብረት ክፍፍልን በውል መወሰን ስለሚቻል ሰውየው "ይሄም የንብረት ስምምነት ነው" ብሎ ይከራከራል። የኔ አስተያየት፦ ቃሉ ንብረት ይምሰል እንጂ ሥራው ፍቺ መጠየቅን መቅጣት ነው፣ ፍቺ የመጠየቅ መብት ደግሞ በውል የሚተው አይደለም፣ እና ፍርድ ቤት ይሄን ቃል አልፎ በሕጉ መሠረት እኩል ያካፍላል ብዬ ነው የማምነው። ከዛ ይልቅ ፍቺውን ማንም ይጠይቀው ማን እንዲህ ይካፈል የሚል ቃል ቢሆን ብዙ ይሻላል። አንድ ቃል ስለወደቀ ግን ሙሉው ውል ይወድቃል ማለት አይደለም፣ ቤቱን የሚመለከተው በሕጋዊ መንገድ ከተጻፈ ይቆማል። ደግሞ እሱ ራሱ ይሄን ይጻፍ ብሎ ሲመጣ ካሁኑ ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ፣ ይሄ ከሕጉ ውጪ የኔ ጨዋታ ነው።

"ወንድሜ፣ ልጄ ሲያገባ ሽማግሌዎቹ ሰማንያው ላይ 'በሀብት በንብረታቸው እኩል ናቸው' ብለው ጻፉ። ፍራንኮ ጋ ከማግባቱ በፊት የገዛው ቤት እዚህ ውስጥ ይገባል እንዴ?"

አባቴ፣ ሁሉም ነገር ቃሉ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። "ያላቸውንና ወደፊት የሚያፈሩትን" ከተባለ ልጅዎ የግሉን ቤት የጋራ አደረገ ማለት ነው፣ ያም የተፈቀደ ነው። "ወደፊት የሚያፈሩትን" ብቻ ከሆነ ቤቱ ውጪ ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ቃል ግን ዝም ብሎ "እኩል" የሚል ነው፣ ይሄ ለሁለቱም ወገን የሚተረጎም ነው፣ ዳኛው የተቀረውን ወረቀትና ሲፈርሙ ምን አስበው እንደነበር ያያል። አሁን ልታስተካክሉት ካሰባችሁ ሽማግሌ ፊት ሌላ ወረቀት መፈራረም ዋጋ የለውም፣ ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም (አንቀጽ 73)። ሁለቱም ተስማምተው አብረው ያመልክቱ።

"የሱ ዕዳ እኔን አይነካም፣ ከሞተ ደግሞ ቤቱ የኔ ይሆናል ብለን እንፈራረም?"

ዕዳውን እርስ በርሳችሁ ልትከፋፈሉት ትችላላችሁ፣ አበዳሪው ግን ውሉ ላይ ስላልፈረመ አይመለከተውም። ለቤተሰቡ ኑሮ ተብሎ የተበደረው ከሆነ ሁለታችሁንም ይጠይቃል።

የሞቱ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በእኛ ሕግ ባልና ሚስት አንዱ የሌላው የሕግ ወራሽ አይደሉም፣ ከጋራው ግማሽሽን ታነሻለሽ እንጂ የግሉ ቤት ለልጆቹ ወይም ለወላጆቹ ነው የሚሄደው። ጋብቻ ውሉ ላይ የተጻፈው ቃል ኑዛዜ ይሆንልኛል ብለሽም አትተማመኚ፣ ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት የሚያደርገው ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ስለዚህ እሱ ለብቻው ይናዘዝ፦ ወይ በአራት ምስክር ፊት ተነቦ ይፈረም፣ ወይ ደግሞ ሙሉውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያድርግበት።