የኮንፈረንስ ግብዣ ደብዳቤ፣ የሆቴል ማረፊያና ቪዛ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሱ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የሚመልሱልን እትዬ ዓለም ናቸው። እዚሁ ባሕር ዳር ለዓመታት የተመራማሪዎችን የጉዞ ወረቀት ሲያዘጋጁ የኖሩ ናቸው። የምናወራው ስለ ሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ስለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቪዛ ነው። ጥያቄያችሁን አጠር አድርጉ።

እምቦጭ አጥኚ፦ እትዬ፣ ስለ እምቦጭ ያጠናሁትን ቪየና ላይ እንዳቀርብ ተጋብዣለሁ። ደብዳቤው «ኮንፈረንሱ ከኦክቶበር 15 እስከ 17 ቀን 2026 በሆቴላችን ይካሄዳል፣ ለተሳታፊዎች ክፍሎች ተይዘዋል» ይላል። ለማረፊያ ማስረጃ ይበቃኛል?

እትዬ ዓለም፦ አይበቃህም። ይሄ ደብዳቤ የሚያወራው ስለ አዳራሹ ነው፣ ስለ አንተ ማደሪያ ምንም አላለም። አዘጋጆች ከሆቴል ጋር ሲዋዋሉ ብዙ ክፍል አንድ ላይ ያስይዛሉ፣ ዋጋውም ቀነስ ይልላቸዋል። ክፍሉ ግን የተያዘው በኮንፈረንሱ ስም ነው። ተሳታፊው እስከ ተቆረጠው ቀን ድረስ ካልተመዘገበ ሆቴሉ ክፍሉን መልሶ ለሌላ እንግዳ ይሸጠዋል። ቆንስላው ደውሎ በስምህ ቢጠይቅ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ሰው «እንዲህ የሚባል እንግዳ የለንም» ይላል። አልዋሸም፣ ስምህ እሱ ጋ የለማ። ስለዚህ ለአዘጋጁ ዛሬውኑ ጻፍ። ስሜን ለሆቴሉ በምትልኩት የእንግዶች ዝርዝር አስገቡልኝ፣ ሆቴሉም በስሜ የማረጋገጫ ቁጥር ይስጠኝ በል። ያ ቁጥር ደብዳቤው ላይ ይግባ።

ሁለተኛው ቀኑ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ስብሰባው ሦስት ቀን ነው፣ አንተ የምታድረው ግን አራት ሌሊት ነው። በ13 ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ትገባለህ፣ የሌሊቱን በረራ ይዘህ በ14 ጠዋት ቪየና ትደርሳለህ። የ14፣ የ15፣ የ16ና የ17 ሌሊት ታድራለህ፣ በ18 ትመለሳለህ። ደብዳቤው «ከ15 እስከ 17» ብቻ ካለ የ14ና የ17 ሌሊት የት እንደምታድር የሚናገር ወረቀት የለም። የቪዛ መርማሪው አያውቅህም፣ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ደብዳቤው የኮንፈረንሱን ቀን ለብቻ፣ ያንተን ማረፊያ ለብቻ ይጻፍ፦ መግቢያ ኦክቶበር 14፣ መውጫ ኦክቶበር 18፣ አራት ሌሊት። ትኬቱን ስትይዝም ሰዓቱን ልብ በል። ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ አልፎ የሚነሳ በረራ ትኬቱ ላይ በማግስቱ ቀን ነው የሚጻፈው።

ሦስተኛ፣ ማን ይከፍላል? «ክፍሎች ተይዘዋል» ማለት ተከፍሏል ማለት አይደለም። አዘጋጁ ከከፈለ «የአራት ሌሊት ማረፊያውን እኛ እንሸፍናለን» ብሎ ይጻፍ። አንተ የምትከፍል ከሆነም እንደዚያው ይጻፍና የባንክ ደብተርህ ያንን የሚችል ይሁን። ስምህ ከነአያትህ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ይሁን፣ የፓስፖርት ቁጥርህም ይግባ። የምታቀርበው ጥናት ርዕስ፣ የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና የሚነሳ ስልክም እንዳይቀር።

ሽምብጥ፦ የመሥሪያ ቤቴ የፈቃድ ደብዳቤ በኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ችግር አለው?

እትዬ ዓለም፦ አለው፣ በጣም አለው። በዚሁ ወንድማችን ጉዞ ላሳይህ። ኦክቶበር 14 ቀን 2026 ማለት ጥቅምት 4 ቀን 2019 ነው። መሥሪያ ቤቱ «ከጥቅምት 4 እስከ 8 ቀን 2019 ፈቃድ ሰጥተናል» ብሎ ይጽፋል እንበል። ተርጓሚው ወሩን ብቻ ለውጦ ኦክቶበር 4 ቀን 2019 ካለው፣ ፈቃዱ ከጉዞው ሰባት ዓመት ቀድሞ አለቀ ማለት ነው። አስር ቀን ጨምሩበት የሚሉም አሉ። ለ2026 ይሠራል፣ ለ2027 ግን አይሠራም። ጳጉሜ ስድስት ስለምትሆን ያው ኦክቶበር 14 ጥቅምት 3 ላይ ይውላል። ደብዳቤው ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍልህ። ፈቃድህ ደግሞ ከ13 እስከ 18 ያለውን ሁሉ ይሸፍን። ግብዣው፣ ሆቴሉ፣ ትኬቱና ፈቃዱ ቀናቸው ይግጠም።

ቀበሌ 13፦ ምን ይሄን ሁሉ አደከማችሁ? በኢንተርኔት በነፃ የሚሰረዝ ሆቴል ያዝ፣ ቪዛው ሲመታ ሰርዝ። እኔ እንደዛ ነው የሄድኩት።

የጣና ልጅ፦ ይሄ ምክር ሰው ያስጠምዳል። የኔ ጓደኛ ኤርፖርት ላይ ሆቴሉን ጠይቀውት መልስ አጥቶ ስንት ሰዓት ቁጭ አለ።

ቀበሌ 13፦ እሱ ፈርቶ ነው። ትኬቱስ? ሙሉ ከፍላችሁ ካልገዛችሁ አይቀበሏችሁም።

እትዬ ዓለም፦ ሁለቱን አትቀላቅሉ። የሚሰረዝ ሆቴል መያዝ ነውር የለውም። ነውሩ አዘጋጁ «በኛ ሆቴል ያርፋል» እያለ ሌላ ሆቴል ማስገባት፣ ከዚያ ያንኑም መሰረዝ ነው። ሁለት ወረቀት ሲጣላ እምቢ ይሏችኋል፣ ቅጹም የጉዞው ዓላማና የቆይታው ሁኔታ አልተረጋገጠም ይላል። ድንበር ላይም ወረቀቱን እንደገና መጠየቅ ይችላሉ፣ ቪዛም ይሰረዛል። ትኬት ላይ ቀበሌ 13 ተሳስተሃል፣ የደርሶ መልስ ሪዘርቬሽን ይበቃል። ቪዛ ሳይመታ ሙሉ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቀበሌ 13፦ እኔን ግን ከፍለህ ና ብለውኛል። አልዋሽም።

ሰላም ነኝ፦ ደብዳቤ አለኝ፣ ቪዛ አገኛለሁ?

እትዬ ዓለም፦ የየት አገር? የምን ስብሰባ? ማን ይከፍላል? ምንም ሳትነግሩኝ ምን ልበል? ደብዳቤ ቪዛ አይደለም።

ጎርደማ፦ ለአሜሪካስ አንድ ዓይነት ነው?

እትዬ ዓለም፦ አይደለም። እዚያ ለጉብኝት ቪዛ ደብዳቤ ግዴታ አይደለም፣ ቃለ መጠይቁ ነው የሚወስነው። ዛሬ የያዝነው የሸንገንን ነው።

የሆቴል ሠራተኛዋ፦ እኛ ደግሞ ጣና ዳር ሆቴላችን ስብሰባ አለ፣ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ደብዳቤ እንድንጽፍ ተጠየቅን። ሆቴሉ ይጽፋል?

እትዬ ዓለም፦ ግብዣውን የሚጽፈው አዘጋጁ ነው፣ እናንተ የክፍሉን ማረጋገጫ ብቻ። እንግዶቹ evisa.gov.et ላይ የኮንፈረንስ ቪዛ የሚለውን ይምረጡ። የባሕር ዳሩ በረራ በማግስቱ ከሆነ አዲስ አበባ የሚያድሩበትም ወረቀቱ ላይ ይታይ።

ሽምብጥ፦ እትዬ፣ መቼ ላመልክት?

እትዬ ዓለም፦ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ይከፈታል፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። አንተ ግን እዚያ ድረስ አትጠብቅ። ውሳኔው በተለምዶ 15 ቀን ነው፣ ተጨማሪ ምርመራ ካለ እስከ 45 ቀን ይሄዳል። ለኦክቶበር 14 ጉዞ ነሐሴ ሳይጋመስ ወረቀትህ ይግባ። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውረድህ አይቀርም። ባለፉት 59 ወራት ለሸንገን ሰጥተህ ከነበረ ግን ያው ሊያገለግል ይችላል፣ ያንን ቪዛህን አሳያቸው።

ሰላም ነኝ፦ ደብዳቤው ኦሪጅናል መሆን አለበት ወይስ በኢሜይል የመጣው ይሆናል?

የጣና ልጅ፦ የኔን ፒዲኤፍ ተቀብለውኛል።

ሽምብጥ፦ የኔን መልሰውታል፣ ፊርማው ኦሪጅናል ይሁን ብለው።

እትዬ ዓለም፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንደ ኤምባሲው ነው። የኤምባሲውን ዝርዝር አንብቢ፣ ኦሪጅናል ይሁን ካለ በፖስታ አስልኪ።

እምቦጭ አጥኚ፦ አዘጋጁ መለሰልኝ! ሦስቱን ሌሊት በስሜ ይዘውልኛል፣ የ17 ሌሊት ግን ሆቴሉ ሞልቷል አሉ። ምን ላድርግ?

እትዬ ዓለም፦ ጥሩ ነው፣ አትደንግጥ። ለ17 ሌሊት አቅራቢያው ሌላ ሆቴል ያዝ። ግን አዘጋጁ ደብዳቤውን ያስተካክል፦ ከ14 እስከ 17 በኮንፈረንሱ ሆቴል ሦስት ሌሊት፣ ከ17 እስከ 18 በሌላው ሆቴል አንድ ሌሊት፣ የሆቴሎቹ አድራሻ ሁለቱም። ያቺን አንዷን ሌሊት ማን እንደሚከፍልም ጠይቀው። መልሱን እስኪልክ ማመልከቻውን አታስገባ።