ዘግይቶ መግባት፣ ዘግይቶ መውጣት፦ ስለ ተንቀሳቃሽ አማካይ የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የ50 ቀኑ ተንቀሳቃሽ አማካይ፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ 50 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይ፣ ከ200 ቀኑ በታች ሲወርድ ሸጥኩ፤ ዋጋው ግን ወዲያው ወጣ። የት ተሳሳትኩ?

የአጭሩ ጊዜ አማካይ ከረጅሙ በታች ሲወርድ ሽጥ፣ በላይ ሲወጣ ግዛ የሚለውን ደንብ አልጣሱም፤ ምልክቱ ራሱ ያረጀ ነው። ከቀናቱ ቁጥር 1 ቀንሰው ለ2 ቢያካፍሉ መዘግየቱን ያገኙታል፦ የ50 ቀኑ 24.5 የገበያ ቀን፣ የ200 ቀኑ 99.5 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2020 በ2,237 ነጥብ ዘግቶ ወለሉን ነካ። የመሸጫ ምልክቱ የመጣው ግን በማርች መጨረሻ፣ ዋጋው 2,600 አካባቢ ከተመለሰ በኋላ ነው። መልሶ ግዛ ያለው ደግሞ በጁላይ መጀመሪያ፣ 3,150 አካባቢ ነበር። ምልክቱን የተከተለ ሰው ከሸጠበት 20 በመቶ ያህል አስወድዶ ገዝቷል።

ጥያቄ፦ ገበያው ብዙም ሳይወጣ ሳይወርድ ገንዘቤ ለምን ይቀንሳል?

አንድ አክሲዮን በ100 እና በ110 ዶላር መካከል እኩል ማዕበል እየሠራ በየ40 የገበያ ቀኑ ይመላለሳል እንበል። የ10 እና የ30 ቀን አማካዮችን ብንጠቀም፣ ፈጣኑ የ10 ቀኑ ከዘገምተኛው የ30 ቀኑ በላይ የሚሻገረው ዋጋው የመሃሉን 105 አልፎ 107 አካባቢ ሲደርስ ነው። ወደ ታች የሚሻገረውም 103 አካባቢ ነው። በ107 ገዝቶ በ103 መሸጥ ማለት በአንድ ዙር 4 ዶላር ገደማ ኪሳራ ነው፤ ኮሚሽኑ ገና አልተቆጠረም። ምልክቱ የሚረጋገጠው ገበያው ሲዘጋ ስለሆነ ግዢው ለማግስቱ ይተላለፋል፤ ያኔ ዋጋው ይብስ ይርቃል። አክሲዮኑ ዓመቱን ሙሉ ባለበት ቆሞ እንኳ እንዲህ ያሉ ስድስት ዙሮች ሂሳብዎን በሚገባ ይጎዱታል።

ጥያቄ፦ ወደ ኤክስፖነንሻል አማካይ ብቀይር መዘግየቱ ይጠፋል?

አይጠፋም። ለቅርብ ቀናት የበለጠ ክብደት ስለሚሰጥ ለድንገተኛ ለውጥ ቶሎ ይነቃል እንጂ በተለመደው ቀመር የአማካይ መዘግየቱ ሁሉንም ቀን እኩል ከሚቆጥረው ከቀላሉ አማካይ ጋር እኩል ነው። ቀናቱን ማሳጠርም መዘግየቱን በሐሰተኛ ምልክት መለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሐሰተኛውን ምልክት በምን ላጣራ?

እኔ የምመርጠው ቀላሉን ነው፦ ፈጣኑ አማካይ ዘገምተኛውን ቢያንስ በ1 በመቶ ካልበለጠ አለመግዛት፣ ለመሸጥም በተቃራኒው። ጥቃቅን መሻገሮች ይቀራሉ፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ጉዞ ሲጀምር ይበልጥ ዘግይተው መግባትዎ ነው። በላይኛው ምሳሌ ደግሞ አማካዮቹ ከ1 በመቶ በላይ ስለሚራራቁ ማጣሪያው ግብይቱን አያስቀርም፤ እንዲያውም መግቢያውን ወደ 108 ይገፋዋል። የጉዞውን ጥንካሬ የሚለካው ኤዲኤክስ ከ20 በታች ሲሆን አለመግባትም የተለመደ ነው፤ እሱም ራሱ በአማካይ የሚሰላ ስለሆነ ይዘገያል። የመረጡትን ማጣሪያ ከመሞከርዎ በፊት ወስነው ይጻፉት፤ ያለፈውን ሰንጠረዥ እያዩ ቁጥሩን ከቀየሩ ኪሳራውን የደበቁት ከወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።