የረቡዕን ወተት ከማክሰኞ አትገምቺ

«ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ ወተት አከፋፍላለሁ። ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 የሸጥኩትን ሊትር ኤክሴል ላይ መዝግቤያለሁ። ፋይሉን ልኬልሃለሁ። 11 ቀን ግን ባዶ ነው። ሒሳብ የምትሠራልኝ ልጅ ከላይና ከታች ያለውን ደምረሽ ለሁለት አካፍዪ አለችኝ። እንደዚያ ልሙላው? የሞላሁትንስ ቢጫ ልቀባው?»

ፋይሉን አየሁት። ልጅቷ ያለችሽ ዘዴ ከቀን ወደ ቀን ቀስ እያለ ለሚለወጥ ነገር ደህና ነው። የሐይቅ ውኃ ከፍታ ቢሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። ወተት ግን ረቡዕና ዓርብ ላይ ይወርዳል።

ጥቅምት 19ን ተመልከቺ። ረቡዕ ነው፣ ሊትሩ ባዶ ነው። ማክሰኞ 118 ሸጠሻል፣ ሐሙስ 122። አማካዩ 120 ይመጣል። እስቲ ባለፈው ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ላይ ያለውን እዪው፦ 46። የሚቀጥለው ረቡዕ ደግሞ 50። ስለዚህ የዚያ ቀን ሽያጭሽ ወደ 48 ነው የሚጠጋው። በጾም ቀን የሚጾመው ማኪያቶውን ይተዋል፣ የማይጾመው ደንበኛሽ ግን ይመጣል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ዜሮ የማይገባው። 120 ብትሞዪ ኖሮ በአንድ ቀን ብቻ 72 ሊትር ያልሸጥሽውን ወተት ሸጥሽ ማለት ነው።

እንግዲህ ለወተት ጎረቤት ማለት ከ7 ረድፍ በላይና ከ7 ረድፍ በታች ያለው ቀን ነው። ይህ እንዲሠራ እያንዳንዱ ቀን ባዶም ቢሆን የራሱ ረድፍ ይኑረው። አንድ ቀን ከተዘለለ ከዚያ በላይና በታች ያሉት ሰባት ሰባት ረድፎች ይዛነፋሉ፣ ረቡዕ ከማክሰኞ ጋር ይጋጠማል። ቀኑን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ስለጻፍሽው ኤክሴል አያውቀውም፤ የፈረንጅ ቀን ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለተኛው አምድ ላይ የዕለቱን ስም ጻፊ። አጻጻፍሽ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ላይ «እሑድ» ሌላው ላይ «እሁድ» ብትዪ ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ቀናት ናቸው። «ዓርብ» እና «አርብ»ም እንደዚሁ። እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ ያቃጠልኩት በዚህች ፊደል ነው።

A ላይ ቀኑ፣ B ላይ ዕለቱ፣ C ላይ የመዘገብሽው ሊትር ይሁን። C ላይ ከዛሬ ጀምሮ ምንም አትንኪ። የተሞላው D ላይ ይሁን፣ ምልክቱ E ላይ። ጥቅምት 1 ረድፍ 2 ላይ ከሆነ፣ ረድፍ 9 ላይ እነዚህን ጽፈሽ ወደ ታች ጎትቻቸው፦

```
D9: =IF(ISNUMBER(C9),C9,IF(AND(COUNT(C2,C16)=2,B2=B9,B16=B9),AVERAGE(C2,C16),""))
E9: =IF(ISNUMBER(C9),"የተለካ",IF(ISNUMBER(D9),"ግምት","ባዶ"))
```

ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ቀመሩ የሚያነበው ከC ነው እንጂ ከD አይደለም። ከD ቢያነብ ነገ የሞላሽው ግምት ለሌላ ግምት መነሻ ይሆናል፤ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። ሁለተኛ፣ COUNT የገባው በምክንያት ነው። AVERAGE ብቻውን ከሆነ አንዱ ጎረቤት ባዶ ሲሆን ዝም ብሎ ሌላውን ብቻ ይወስዳል፣ አንቺም አታውቂም። የመጀመሪያው ሳምንት ከላዩ ጎረቤት ስለሌለው ከC2 እስከ C8 ያለውን ብቻ D ላይ ገልብጪ፣ E ላይም «የተለካ» ወይም «ባዶ» ብለሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ኅዳር 18 ሐሙስ ነው፣ ፋይልሽ ላይ ባዶ ነው። ኅዳር 11 ሐሙስ 121 ሸጠሻል፣ ኅዳር 25 ሐሙስ 64። አማካዩ 92.5 ነው፣ እሱ ደግሞ የጾምም የፍስክም አይደለም። ቀመሩ ይህን እንዲያውቅ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ያሉትን ዕለታት B ላይ «ሐሙስ ጾም»፣ «ሰኞ ጾም» እያልሽ ጻፊ። ያኔ «ሐሙስ» ከ«ሐሙስ ጾም» ጋር ስለማይገጥም ቀመሩ ባዶ ይተወዋል። እሱን በእጅሽ ሙዪው፦ ከታች ያሉትን ሁለት ሐሙሶች፣ የኅዳር 25ን 64 እና የታኅሣሥ 2ን 68 ወስደሽ 66 በዪ። E ላይ ደግሞ «ግምት-እጅ» ብለሽ ጻፊበት፣ ሌላ ሰው ሲያየው ቀመር እንዳልሆነ ይወቅ። ገና በ2018 ረቡዕ ላይ ነው የዋለው፤ እሱን «ገና» በዪው እንጂ ከሌሎቹ ረቡዖች ጋር አትቀላቅዪው።

ታኅሣሥ 28 ደግሞ ባዶ ነው። እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለምን አልመዘገብሽም? የበዓል ዋዜማ ነው፣ ምናልባት ግፊያ ስለነበር ብዕር ለማንሳት እንኳ ጊዜ አላገኘሽ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ያ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል እንጂ አይመስላቸውም፣ ከጎረቤት የሚመጣ ግምት ሁሉ ያሳንሰዋል። ከገበሬዎቹ የተረከብሽበት ደብተር ካለ እሱን ፈልጊ። ከሌለ ባዶ ይሁን። ወተቱ ተበላሽቶ ወይም ዘግተሽ የዋልሽበት ቀን ካለ ደግሞ እሱ ግምት አያስፈልገውም፤ C ላይ ዜሮ አስገቢበት። አንድ ጊዜ C ላይ የምትነኪው በዚህ ብቻ ነው።

ግምቱ ምን ያህል እንደሚስት ማወቅ ትችያለሽ። የፋይሉን ቅጂ ክፈቺና ከተለኩት ቀናት አሥሩን ከC አጥፊ፣ ከዚያ D የሰጠሽን ከእውነተኛው ጋር አስተያዪ። እኔ ጥቅምት 21ን ዓርብ ሞከርኩት። እውነተኛው 44 ነው። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ዓርቦች 49 እና 45 ስለሆኑ ግምቱ 47 መጣ፣ በ3 ሊትር ሳተ። በሐሙስና ቅዳሜ ቢሞላ ግን 126 ይሆን ነበር። አሥሩንም አስልተሽ የስህተቱን አማካይ ከፋይሉ ጋር ያዢ።

ቢጫውን በተመለከተ፣ ደስ ካለሽ ቀቢው፤ ግን እሱን ምልክት አታድርጊው። ከዓመታት በፊት አንድ የምሠራበት ቦታ የሦስት ወር መረጃ ሞልቼ ግምቱን ሁሉ ቢጫ ቀባሁት። ከዚያ ፋይሉ ወደ ሲኤስቪ ተቀየረ። ሲኤስቪ ቀለም አይይዝም። ስድስት ወር ቆይተው «የትኛው ነው የተለካው?» ሲሉኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። E ላይ ያለ ጽሑፍ ግን የትም አይሄድም፣ ከD እና ከE ውጭ ባለ አምድ ላይ መደመርም ይቻላል፦

```
=SUMIFS(D:D,E:E,"ግምት*")
```

ኮከቧ «ግምት-እጅ» የተባሉትንም ታስገባለች። የሦስት ወሩን ድምር ለባንክም ለማንም ስትሰጪ «ይህን ያህል ሊትር፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ግምት፣ ይህን ያህል ቀን ደግሞ ባዶ» ብለሽ ስጪ።

የዋጋውን አምድ ግን በዚህ መንገድ አትሙዪ። ዋጋ በአንድ ቀን ነው የሚዘለው። ከ90 ወደ 100 ብር በጨመርሽበት ሳምንት መሃል 95 ብለሽ ብትሞዪ ማንም ያልከፈለውን ዋጋ መፍጠርሽ ነው። መቼ እንደጨመርሽ ከደንበኞችሽ አንዱን ጠይቂ፣ እነሱ አይረሱም።