ያቺን 0.00 አትመናት፦ ሃች የማይሞላበት ምክንያት

«ሰላም ለሁላችሁ። አውቶካድ ላይ ሳይት ፕላን እየሠራሁ የግቢውን ሳር ሃች ላደርግ መሃል ላይ ክሊክ ሳደርግ Boundary Definition Error ይለኛል። አራቱንም ማዕዘን ዙም አድርጌ አየሁ፣ ተገናኝተዋል። በ DIST ስለካም 0.00 ነው። ምን ይሻለኛል?»

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ያቺን 0.00 አትመናት። በሜትር እየሳልክ የቁጥሩ አሃዝ ሁለት ላይ ከተቀመጠ፣ 0.0004 የሆነ ክፍተትም 0.00 ተብሎ ነው የሚታይህ። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን ክፍተት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይጠጋጋል፤ ሃች ግን ድንበር ሲፈልግ የሚያየው ትክክለኛውን ነጥብ ነው። ስለዚህ UNITS ብለህ Precision የሚለውን እስከ ስምንት አሃዝ አውጣውና እንደገና ለካ። ስትለካ ደግሞ በደንብ ጠጋ በል። ከሩቅ ከሆነ ኦስናፑ ሁለቴም ያንኑ አንድ ጫፍ ይይዝና፣ አንድን ነጥብ ከራሱ ጋር ስትለካ ትውላለህ።

እኔን ግማሽ ቀን የበላኝ የ10 በ20 ሜትር ቦታ ነበር። የቀያሹን ነጥቦች ተከትሎ ሌላ ሰው ያሰመረው ነው። አዳዲሶቹ አውቶካዶች ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ክብ ያደርጉልሃል፤ የእኔ ግን ምንም አላሳየም። ያን ጊዜ ያዳነኝ ዘዴ ቀላል ነው። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል ጊዜያዊ መስመር አሰመርኩና እያንዳንዱን ግማሽ ሃች ለማድረግ ሞከርኩ። የምሥራቁ ግማሽ ሞላ፣ የምዕራቡ እምቢ አለ። እምቢ ያለውን እንደገና ለሁለት ከፈልኩት። በሦስተኛው መስመር የደቡብ ምዕራቡ ማዕዘን ብቻ ቀረ። ዙም አድርጌ ብለካው ክፍተቱ 0.0004 ነበር። (ይህን ስትሞክር የምትሞላው ቦታ ሙሉ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይታይ። ድንበሩ ከስክሪን ከወጣ በዚያም ምክንያት እምቢ ሊልህ ይችላል።)

አንድ ማዕዘን ብቻ ከሆነ መድኃኒቱ FILLET ነው። ራዲየሱን 0 አድርገህ ሁለቱን መስመር ስትነካ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። በመዳፊት እየጎተትክ ለማገናኘት አትድከም፤ ክፍተቱ መጀመሪያ የመጣው እንደዚያ ነው፣ ኦስናፕ ሳይበራ በዓይን ግምት።

ማዕዘኑን አስተካክዬም አልሞላም። እዚህ ነው ጉዱ። ከላይ ሲታይ ሁሉም ገጥሟል፤ ክፍተቱ ግን ወደ ላይ ነበር። የቀያሽ ነጥብ ከነከፍታው ነው የሚመጣው፣ አዲስ አበባ ከሆነ 2300 ሜትር ምናምን። ያሰመረው ሰው ኦስናፕ ሲያደርግ የአንዱ መስመር ጫፍ የነጥቡን ከፍታ ይዞ ቀርቷል። መስመሩን መርጬ Properties ውስጥ ሳይ Start Z 0፣ End Z 2341.20 ይላል። ከላይ ስታየው አጥር ነው፣ ከጎን ስታየው ግን ሰማይ ላይ የተደገፈ መሰላል! End Z ን 0 ሳደርገው ሃቹ ወዲያው ሞላ። መስመሮቹ ብዙ ከሆኑ FLATTEN ሁሉንም አንድ ወለል ላይ ያወርድልሃል፤ ግን ዋናውን የቅየሳ ፋይል ሳይሆን ኮፒውን ነው የምትነካው፣ ከፍታው ለሌላ ሥራ ያስፈልግሃል። ለወደፊቱ ደግሞ በነዚህ ነጥቦች ላይ ከማስመርህ በፊት OSNAPZ ን 1 አድርገው፤ ኦስናፑ የነጥቡን ከፍታ ትቶ አንተ የምትስልበትን ወለል ይይዛል።

ክፍተቱ ብዙ ቦታ ከሆነ PEDIT ብለህ M ትላለህ። መስመሮቹን ትመርጥና ወደ ፖሊላይን ልቀይር ወይ ሲልህ Y፣ ከዚያ J። fuzz distance ሲጠይቅህ 0.01 ስጠው፣ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያለውን ክፍተት ያገናኛል። ሲጨርስ Properties ውስጥ Closed የሚለውን እይ። No ካለ Yes አድርገው።

HPGAPTOL የሚሉህ ሰዎች ይኖራሉ። ይሠራል፤ ክፍተቱን ሳይደፍን ሃቹ እንዲያልፈው ያደርጋል።

```
HPGAPTOL
0.01
```

እኔ ግን ለጥድፊያ ካልሆነ አልወደውም። መስመሩ እንደተከፈተ ስለሚቀር ነገ ሌላ ሰው ላይ ያው ችግር ይወጣል። ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ያጓጓል። በሜትር እየሳልክ 1 ብለህ ብትሰጠው የ0.90 በር እንደተዘጋ ቆጥሮ ሊሞላልህ ይችላል፤ ከዚያ የሃቹን ስፋት ለሴራሚክ ሥሌት ስትወስድ ነው የሚታወቅህ። ከተጠቀምክበት በኋላ ወደ 0 መልሰው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለህ መስመሮቹን መርጠህ LIST በልና የሚወጣውን እዚህ ለጥፍልን፣ Z ዎቹን አብረን እናያቸዋለን።