ሁሌም በ5 ተጫውቼ ለምን «ከተፈቀደው በላይ አስይዘሃል» ተባልኩ?

ጥያቄ፦ «ኦንላይን ካሲኖ ላይ 100 ዶላር አስገብቼ 100 ቦነስ ተሰጠኝ። ቦነሱን 35 ጊዜ አዙሬ ጨረስኩና 640 ዶላር ላወጣ ስል ቦነስ ላይ እያለህ በአንድ ስፒን ከ5 ዶላር በላይ አስይዘሃል ብለው ትርፉን ሰረዙት። እኔ ግን ከ5 አልፌ አላውቅም። እንዴት ሊሆን ይችላል?»

ወንድሜ፣ ከሳፖርት ጋር ከመጨቃጨቅህ በፊት አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የጨዋታ ታሪክህን (History) ክፈት። እያንዳንዱ ስፒን በሰዓቱ፣ ካስያዝከውና ከወጣልህ ገንዘብ ጋር ተመዝግቧል። ገጹ የቅርቡን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ቦነሱን ከተቀበልክበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ሙሉ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቃቸው። ከዚያ ያስያዝከውን የሚያሳየውን ዓምድ ብቻ እያየህ ውረድ።

1. መጀመሪያ የምትፈልገው ቁጥር 6.25 ነው። ብዙ ስሎቶች ላይ Ante Bet የሚባል ቁልፍ አለ። ሲበራ ነፃ ስፒን የማግኘት ዕድልህን ከፍ ያደርግና በምላሹ በእያንዳንዱ ስፒን ላይ ብዙውን ጊዜ 25% ይጨምራል። አንተ 5 መርጠሃል፣ የተቆረጠብህ ግን 6.25 ነው። አንዴ ከተበራ እስክታጠፋው ድረስ እንደበራ ስለሚቀር ሳታስተውለው ብዙ ስፒን ልታዞርበት ትችላለህ። በ5 ጣሪያ ውስጥ ሆነህ ልትጠቀምበት ብትፈልግ መነሻውን 4 ላይ ማድረግ ነበረብህ፤ 4 ሲደመር 25% ልክ 5 ይመጣል። «ከ5 አልፌ አላውቅም» የሚል ሰው ታሪኩ ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይሄ ነው።

2. 6.25 ከሌለ ድንገት የገዘፈ ቁጥር ፈልግ፤ 20፣ 40፣ 100 የመሰለ። ይሄ የነፃ ስፒን ግዢ ነው፣ Buy Feature የሚለው። በ0.20 የምትጫወት ቢሆንም ግዢው 100 እጥፍ ከሆነ 20 ዶላር ከፍለሃል፤ ብዙ ካሲኖዎች ደግሞ የግዢውን ዋጋ እንደ አንድ ውርርድ ይቆጥሩታል። ውሉ ውስጥ ቦነስ ላይ እያሉ መግዛትን ጭራሽ የሚከለክሉም አሉ።

እጥፍ ወይም ባዶ የምትለዋም ቁልፍ እዚሁ ትመደባለች። 12 ዶላር ወጥቶልህ በቀይና በጥቁር ላይ ብታስይዘው 12 ዶላር አስያዝክ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ከሆንክ ደግሞ የሚቆጠረው የዙሩ ድምር ነው፤ ብላክጃክ ላይ 5 አስይዘህ ብታጥፍ 10 ሆነ፣ ሩሌት ላይ ስምንት ቁጥር ላይ አንድ አንድ ዶላር ብታስቀምጥ 8 ሆነ።

አሁን «ያ ስፒን እኮ ተበልቷል፣ ምን ጎዳኋቸው?» ትል ይሆናል። ይሄ ክርክር አያዋጣም። ምክንያቱን ለመረዳት ሒሳቡን አንዴ አስላው። የ100 ዶላር ቦነስ 35 ጊዜ ሲዞር 3,500 ዶላር ነው። ስሎቱ በአማካይ 96% የሚመልስ ከሆነ በዚያ ሁሉ መዞር 4%፣ ማለትም 140 ዶላር ይበላሃል። ከቦነሱ ይበልጣል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ የሚያዞር ሰው በአማካይ ቦነሱን ለካሲኖው መልሶ ነው የሚወጣው። በዚህ ሒሳብ ላይ የሚያምፀው በ50 ዶላር በ50 ዶላር የሚመታው ነው። በአራት ስፒን 200ው ሊያልቅ ይችላል፣ ግን ግማሹ የካሲኖው ገንዘብ ነው። አንዱ ከያዘለትና ሺህ ቤት ከገባ ደግሞ የቀረውን በ0.50 እያዞረ ይጨርሰዋል። ጣሪያው የተሠራው ለዚህ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥሰት የሚባለው ማስያዙ ራሱ ነው እንጂ የስፒኑ ውጤት አይደለም።

እዚህ ድረስ ካሲኖዎቹን አልቃወምም። የሚያናድደው ሌላ ነው፤ ከ5 በላይ ስታስይዝ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀበልሃል። አንዳንዶቹ ውርርዱን እዚያው ያግዱታል። ሌሎቹ ጋ ግን ጨዋታው የሚመጣው ከተለያየ አምራች ስለሆነ ቦነስ ላይ መሆንህን አያውቀውም፣ ምርመራው የሚደረገው ላውጣ ስትል ነው። አንተም 3,500ውን ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ አዙረህ የጨረስከው ለዚህ ይሆናል። ስትጠይቃቸው ደግሞ ያንኑ አንቀጽ ደጋግመው ይለጥፉልሃል።

3. ስለዚህ አንቀጹን በደንብ አንብበው፣ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለና። «ከዚያ ውርርድ የተገኘ ትርፍ ይሰረዛል» የሚል ከሆነ መቁረጥ የሚችሉት የእነዚያን መስመሮች ትርፍ ብቻ ነው። ሦስት ስፒን በ6.25 አዙረህ በድምሩ 38 ዶላር ወጥቶልህ ከሆነ ከ640 ላይ 38 ተቀንሶ 602 ይቀርልሃል። «ቦነሱና ከቦነሱ የተገኘ ትርፍ በሙሉ» የሚል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልህ ያስገባሃት 100 ብቻ ናት። ማንበብ ያለብህም ቦነሱን በተቀበልክበት ቀን የነበረውን ውል ነው፣ ዛሬ ገጹ ላይ ያለው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ጣሪያውም ሁሌ 5 አይደለም። «5 ዶላር ወይም የቦነሱ 10%፣ ከሁለቱ ያነሰው» የሚሉ አሉ። ለአንተ 100 ቦነስ 5 ነው የሚመጣው፤ 30 ዶላር ቦነስ የያዘ ሰው ግን ጣሪያው 3 ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያዋጣህ ክርክር የሰዓት ነው። ጥፋት የተባለው ስፒን ማዞሩን ከጨረስክ በኋላ የተደረገ ከሆነ ጣሪያው አይመለከተውም። የራስህ ገንዘብ መጀመሪያ፣ ቦነሱ በኋላ የሚጫወትበት ዓይነት ቦነስም አለ። እዚያ ላይ አንዳንዱ ውል ጣሪያውን የሚጀምረው የቦነሱ ገንዘብ መነካት ሲጀምር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቦነሱን ከተቀበልክባት ደቂቃ። የአንተ የመጀመሪያው ከሆነና 6.25ቱ የተቆረጠው ከራስህ 100 ላይ ከሆነ ጠንካራ ነገር ይዘሃል።

ስትጽፍላቸው ስሜትህን ተወውና አጭር አድርገው፤ የትኛው ስፒን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ተይዞበት፣ በየትኛው አንቀጽ ብለህ ጠይቅ። መልሱ አሁንም የተለጠፈ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ፈቃዳቸው ላይ የተጻፈውን አቤቱታ ሰሚ አካል ፈልገህ ከጨዋታ ታሪኩ ጋር ላክለት።

ገና እያዞራችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ ታሪካችሁን አሁኑኑ እዩት። ከጣሪያው ያለፈ ስፒን ካገኛችሁ ማዞሩን አቁሙና ቦነሱን ሰርዛችሁ ያስገባሁትን መልሱልኝ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ላይስማሙ ይችላሉ። ግን ከጥሰቱ በኋላ ብትቀጥሉና ብታሸንፉ ትርፉ ይሰረዛል፣ ብትሸነፉ ደግሞ «ጣሪያ ጥሰህ ነበርና ያስገባኸውን እንካ» የሚላችሁ የለም።